ሜኑ ላይ ዋጋ የሚቀመጥበት ቦታ፦ ለአንድ የአሳ ቤት ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ሐይቁ አካባቢ አነስተኛ የአሳ ቤት አለኝ። ሜኑአችን 63 መስመር አለው፤ በሰንጠረዥ የተሠራና ላሚኔት የተደረገ ነው። ዋጋ በተጨመረ ቁጥር ስቲከር እንለጥፍበታለን። ከአሳው ግማሹ ትእዛዝ አሳ ጥብስ ብቻ ነው። አሁን አዲስ ላሠራ ስል ዲዛይነሩ "ዋጋውን ጭራሽ አውጡት፤ ትርፍ ያለውን ምግብ ደግሞ ከላይ ቀኝ ጥግ ላይ አድርጉት" አለኝ። ልክ ነው? የአሳዎቹን የአንድ ወር ሽያጭና ወጪ አያይዣለሁ።»

ምላሽ፦ ሁለቱም ምክሮች አይጠቅሙዎትም። ዋጋውን አያውጡ። አንደኛ ነገር፣ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ ያስገድዳል። ሁለተኛው ነገር ከሕጉ ይልቅ ገበታው ላይ የሚታይ ነው። ዋጋ የሌለበት ሜኑ የተሰጠው ሰው ወይ አስተናጋጁን እየጠራ አንድ በአንድ ይጠይቃል፣ ወይም እንግዳ ጋብዞ ከሆነ መጠየቁን አፍሮ ዋጋውን በግምት የሚያውቀውን ምግብ ያዛል። በእርስዎ ቤት ሁሉም ሰው ዋጋውን የሚገምተው ምግብ አሳ ጥብስ ነው። ስለዚህ ዋጋውን ማውጣት የተቸገሩበትን ነገር ያባብሰዋል እንጂ አይፈታውም።

የቀኝ ጥጉ ነገር የቆየ አፈ ታሪክ ነው። የደንበኛ ዓይን መጀመሪያ ወደ ገጹ መሀል፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ጥግ፣ ከዚያ ወደ ግራ ይሄዳል የሚለው አባባል ለብዙ ዓመታት በሜኑ ሠሪዎች ዘንድ ሲነገር ኖሯል። ሲቢል ያንግ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመችው ጥናት የሰዎችን የዓይን እንቅስቃሴ በሚከታተል መሣሪያ ስትለካ ግን ሰዎች ሜኑን እንደ መጽሐፍ ከላይ ጀምረው ወደ ታች እንደሚያነቡ ነው ያገኘችው። ዓይን በራሱ የሚሳብበት ምሥጢራዊ ጥግ የለም። ዓይንን የሚመራው እርስዎ የሚሠሩት ቅደም ተከተልና የሚተዉት ክፍት ቦታ ነው።

አሁን ያለው ሜኑዎ ዓይንን ወዴት እንደሚመራ ይመልከቱ። በሰንጠረዡ ግራ በኩል የምግቡ ስም፣ በቀኙ ጠርዝ ዋጋው አለ፤ በመካከላቸው ባዶ ሜዳ ነው። ዋጋዎቹ አንዱ ከሌላው በታች ቀጥ ብለው ስለተሰለፉ ስሙን ሳያነቡ ቁጥሩን ብቻ ከላይ ወደ ታች መሮጥ በጣም ቀላል ነው። ዐሥር ቁጥር በአንድ ዓምድ ሲደረደር ሰው ሳያስበው ማነጻጸር ይጀምራል፤ የሚያነጻጽረው ግን ምግብን ከምግብ ሳይሆን 391ን ከ414 ጋር ነው። እንዲህ ሲሆን የሁለት ምግብ ልዩነት 23 ብር ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ጉላሹ በምን እንደተሠራ ማንም አያነብም። አንዳንዱ ሠሪ ስሙንና ዋጋውን ለማገናኘት በመካከል ነጠብጣብ ይደረድራል። ነጠብጣቡ ዓይኑን በምግቡ ስም ላይ እንዳያርፍ እያንሸራተተ ወደ ዋጋው የሚያደርስ ሐዲድ ነው፤ እሱም ይውጣ።

ስቲከሩ ደግሞ የባሰ ነው። ከገጹ ሁሉ ጎልቶ የሚታየው፣ ጠርዙ የተላጠውና ነጭ ሆኖ የሚያብለጨልጨው እሱ ነው። ያም ማለት ሜኑዎ በትልቁ የሚናገረው «እዚህ ጋ ዋጋ ጨምረናል» የሚለውን ነው። ላሚኔት ማድረግዎን እስካልተዉ ድረስ ከስቲከር አይወጡም። 200 ወይም 250 ግራም ወረቀት ላይ አትመው ግልጽ የፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ ይክተቱት። ዋጋ ሲቀየር ወረቀቱን ብቻ አውጥተው አዲስ ያስገባሉ። ፋይሉን ከማተሚያ ቤቱ ተቀብለው እርስዎ ዘንድ ያኑሩት፤ ፋይሉ እነሱ ጋ ከቀረ ለአንድ ቁጥር ብለው መመላለስ ይሰለችዎትና ስቲከሩ ተመልሶ ይመጣል።

የዋጋን ድምፅ ዝቅ ማድረግ ማለት መደበቅ አይደለም፤ ከምግቡ መግለጫ በኋላ፣ በዚያው መስመር ላይ፣ በዚያው የፊደል መጠንና ውፍረት ማስከተል ነው። ዓምድ አይሠሩ፤ አያደምቁት፤ ቀለም አይቀይሩለት። በየመስመሩ «ብር» ማለትም አያስፈልግም። ከገጹ ግርጌ በትንሽ ፊደል ሆኖም በሚነበብ መጠን «ዋጋዎች በብር፣ ቫትን ጨምሮ» የሚል አንድ መስመር ይበቃል። አንድ ምግብ በገጹ ላይ ይህን መምሰል አለበት፦

አሳ ጉላሽ
በቲማቲም፣ በሽንኩርትና በቃሪያ፤ በዘይት የተሠራ  415

አሳ ለብለብ
በስሱ የተቆረጠ አሳ፣ በዘይትና በሚጥሚጣ፤ ከአዋዜ ጋር  390

መግለጫዎቹ እኩል ርዝመት ስለሌላቸው ቁጥሮቹ እየገቡና እየወጡ ይቀመጣሉ። የሚፈለገውም ይህ ነው፤ በዚህ ገጽ ላይ ቁጥር ብቻ እየለቀመ የሚወርድ ዓይን መንገድ የለውም። ዋጋ የፈለገ ሰው ግን ምግቡን ካነበበ በኋላ ወዲያው ያገኘዋል።

የገንዘቡን ምልክት ስለማውጣት በየቦታው የሚጠቀሰው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2009 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሠራው ነው። በአሜሪካ በአንድ የምግብ ሥራ ትምህርት ቤት ምግብ ቤት ውስጥ፣ በምሳ ሰዓት፣ ቁጥር ብቻ ያለበት ሜኑ የተሰጣቸው ሰዎች የዶላር ምልክት ያለበት ከተሰጣቸው የበለጠ ገንዘብ አውጥተዋል። አንድ ቤት፣ አንድ አገር፣ አንድ ምልክት ነው። «ብር» የሚለው ቃል እዚህ ያንኑ ያህል ይከብዳል ብዬ አልከራከርም። «ብር»ን የማስወጣዎት ለሌላ ምክንያት ነው፦ በየመስመሩ የሚደጋገም ቃል ለማንም የማይጠቅም ግርግር ነው።

ስለ ቁጥሩ አንድ ነገር ልጨምር። 391፣ 414፣ 437 የሚሉት ዋጋዎችዎ ከ340፣ ከ360 እና ከ380 ላይ 15 በመቶ ቫት ተደምሮ የመጡ መሆናቸው ያስታውቃል። የካልኩሌተር ቁጥር እንግዳ ስለሆነ ዓይን ይይዛል፤ ለመልስም ያስቸግራል። ቫቱ የገባበትን ዋጋ በቅርቡ ወዳለው 5 ወይም 0 ያጠጋጉት፦ 390፣ 415፣ 435። በአንድ ሰሐን የሚለያየው ከ1 እስከ 2 ብር ነው።

ወደ ፊደሉ እንምጣ፤ በእኛ አገር ሜኑ ላይ ብዙ ስሕተት የሚሠራው እዚህ ነውና። የውጭ ሜኑ የምግቡን ስም በትልልቅ የላቲን ፊደል፣ መግለጫውን በትንንሽና በዘመም ፊደል ይለያል። ግእዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ዓይነት የለውም፤ በኮምፒውተር አስገድደው ሲያዘምሙትም የተጣመመ እንጂ ያማረ አይሆንም። ስለዚህ የቀሩልን መሣሪያዎች ሦስት ናቸው፦ መጠን፣ ውፍረትና ክፍት ቦታ። ኮምፒውተሩ የፊደልን መጠን በሚለካበት ነጥብ፣ የክፍል ርእስ 15 ነጥብ ወፍራም፣ የምግብ ስም 12 ነጥብ ወፍራም፣ መግለጫና ዋጋ 10 ነጥብ ተራ ይሁን። ከ10 ካነሰ ማታ በደብዛዛ መብራት ሠ እና ው፣ ጸ እና ጰ መለያየት ያቅታል። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት Nyala ወፍራም ዓይነት የለውም፤ ወርድ ላይ ሲያወፍሩት ፕሮግራሙ ራሱ ፊደሉን ደርቦ ስለሚያትመው ውስጡ ይደፈናል። Noto Sans Ethiopic ግን በነፃ የሚገኝ ሆኖ እውነተኛ ወፍራም ዓይነት ስላለው እሱን ይጠቀሙ። ፊደላችን ረጅም ስለሆነ በመስመሮች መካከል ያለው ርቀት ከፊደሉ መጠን አንድ ጊዜ ተኩል መሆን አለበት፤ ለ10 ነጥብ ፊደል 15 ነጥብ መስመር ማለት ነው።

ክፍት ቦታው ላይ አንዲት ሕግ ብቻ ይያዙ፦ አብረው የሚሄዱ ነገሮች ይጠጋጉ፣ የማይሄዱት ይራራቁ። በምግቡ ስምና በመግለጫው መካከል ምንም ተጨማሪ ቦታ አይኑር። በአንዱ ምግብና በሚቀጥለው መካከል 8 ነጥብ ይሁን። ከክፍል ርእስ በላይ 18፣ ከርእሱ በታች 6። ብዙ ሜኑ ላይ ርእሱ ከላይና ከታች እኩል ርቀት ስላለው የላይኛው ክፍል መጨረሻ ይሁን የታችኛው መጀመሪያ አይታወቅም፤ ያንን ለማስተካከል ደግሞ መስመርና ሳጥን ይጨምሩበታል። ርቀቱ ከተስተካከለ መስመሩም ሳጥኑም አያስፈልግም።

በእነዚህ መጠኖች አንድ ምግብ 41 ነጥብ ያህል ቁመት ይወስዳል፤ አንድ ርእስ ደግሞ 46.5። የኤ4 ወረቀት ቁመት 842 ነጥብ ነው፤ ከላይና ከታች 2 ሴንቲ ሜትር ሲተዉ 729 ገደማ ይቀራል። ሦስት ርእስና 14 ምግብ 714 ያህል ይወስዳል። የተረፈችው 15 ነጥብ ለግርጌዋ መስመር ነች። እንግዲህ በአንድ ገጽ 14 ምግብ፣ በአንድ ዓምድ፣ ከዚያ በላይ አይግባ። 15ኛውን ለማስገባት ፊደሉን ሲያሳንሱ ነው ሜኑ የሚበላሸው። ዓይን ያለ ችግር ወደ ታች እንዲወርድ አንድ ዓምድ ከሁለት ይሻላል፤ ሁለት ዓምድ ካለ ብዙ ሰው ግራውን አንብቦ ቀኙን ሳያይ አስተናጋጁን ይጠራል።

63ቱ መስመር እንዴት እዚህ ይገባል? ቁርሱ ለብቻው በትንሽ ካርድ ይውጣ፤ ከረፋዱ በኋላ ከጠረጴዛው የሚነሣ ምግብ በምሳ ሜኑ ላይ ቦታ መያዝ የለበትም። ትኩስና ቀዝቃዛ መጠጥም እንዲሁ። ለምሳና ለራት የሚቀረው በአንድ ወረቀት ሁለት ፊት 28 ምግብ ነው። ከዚያ የተረፈው ይሰረዛል፤ በጥንቃቄ ካዩት ግማሹ «ስፔሻል» የሚል ቅጥያ ብቻ ያለው የሌላ ምግብ ድግግሞሽ ነው።

ምግቦቹን ሲመድቡ በወጥ ቤቱ አሠራር ሳይሆን ሰው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በሚወስንበት መንገድ ይመድቡ። ጥብሱን ከጥብስ፣ ወጡን ከወጥ ጋር ማድረግ የምግብ ሠሪው ሐሳብ ነው። ሐዋሳ ላይ የሚቀመጥ ሰው አንደኛው ጥያቄ «አሳ ልብላ ወይስ ሌላ?» ሲሆን ረቡዕ፣ ዓርብና በዓቢይ ጾም ደግሞ «የጾም ምን አለ?» የሚለው ይቀድማል። ስለዚህ የፊተኛው ገጽ ከላይ ሁለት ሾርባ፣ ቀጥሎ አሳ፣ ከዚያ የጾም ምግቦች ይያዝ። የኋላው ገጽ የፍስክ ይሁን፦ ጥብስና ክትፎ፣ ወጥ፣ ፓስታና ሩዝ።

አሳውን በጾም ክፍል ውስጥ አያስገቡት። በጾም አሳ የሚበላ ደንበኛ አለ፤ የማይበላም አለ፤ ያንን ክርክር ሜኑዎ ሊፈርድበት አይገባም። ራሱን የቻለ ርእስ ከተሰጠው ሁለቱም የራሳቸውን ያገኛሉ። ነገር ግን በየመግለጫው «በዘይት» ወይም «በቅቤ» የሚለውን አይርሱ፤ አሳ ለሚበላው ጾመኛ ወሳኟ ቃል ይህች ናት፤ ከሌለች አስተናጋጁ በየጠረጴዛው ሲጠየቅ ይውላል። በኪሎ የሚሸጥ ሥጋ ካለዎትም በሰሐን ከሚሸጡት መሀል አያስገቡት። የኪሎ ዋጋ ከሰሐን ዋጋ ጎን ሲታይ ለምን እንደተወደደ ያልገባው ሰው ይደነግጣል። ከገጹ መጨረሻ ለብቻው፣ «በኪሎ» የሚለው ቃል ከቁጥሩ ቀድሞ ይጻፍ።

የትኛው አሳ የት ይቀመጥ የሚለውን ከላኩት ሒሳብ እናውጣው። በወሩ 620 የአሳ ትእዛዝ ነበር፦ ጥብስ 310፣ ለብለብ 112፣ ጉላሽ 62፣ ሾርባ 62፣ ዱለት 43፣ ኮተሌት 31። መታየት ያለበት ዋጋው ሳይሆን ቫት ከወጣለት ዋጋ ላይ የጥሬ ዕቃው ወጪ ሲቀነስ በሰሐኑ የሚቀረው ብር ነው። ጥብስ 460 ይሸጣል፤ ቫቱ ሲወጣ 400 ነው፤ ሙሉ አሳውና ዘይቱ 230 ይወስዳሉ፤ 170 ይቀራል። ጉላሽ 414 ይሸጣል፤ 360 ነው፤ ወጪው 125፤ የሚቀረው 235። በዚሁ መንገድ ለብለብና ዱለት እያንዳንዳቸው 210፣ ኮተሌት 165፣ ሾርባ 140 ያስቀራሉ። ሁሉም በሽያጭ ብዛታቸው ሲመዘኑ አማካዩ 183 ብር ነው።

እዚህ ላይ ማይክል ካሳቫናና ዶናልድ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጡት አመዳደብ ይጠቅማል። አንድ ምግብ «ተፈላጊ» የሚባለው ሽያጩ በክፍሉ ውስጥ በእኩል ቢከፋፈል ከሚደርሰው ድርሻ ቢያንስ 70 በመቶውን ሲያገኝ ነው። ለስድስት ምግብ እኩል ድርሻው 16.7 በመቶ ነው፤ የዚያ 70 በመቶ 11.7 ይሆናል። ይህን መስመር ያለፉት ጥብስና ለብለብ ብቻ ናቸው። ለብለብ ተፈላጊም ነው፣ ከአማካዩም በላይ ያስቀራል፤ አይነካ። ጥብስ ተፈላጊ ነው፣ ግን ከአማካዩ በታች ነው፤ ቤቱን የሚሞላው እሱ ነው፣ ኪስ የሚሞላው ግን እሱ አይደለም። ጉላሽና ዱለት ጥሩ ያስቀራሉ፣ የሚያያቸው ግን የለም። ሜኑ ሊረዳቸው የሚችለው እነዚህን ሁለቱን ነው።

ኮተሌት በሁለቱም መለኪያ ወድቋል፤ ይሰረዝ። ሾርባም ወድቋል፤ እሱን ግን አልሰርዘውም። ሒሳቡ የማያየው ነገር አለ፦ ሾርባው የሚፈላው ከሚተርፈው የአሳ ራስና አጥንት ነው፤ ብዙ ጊዜም ከሌላ ምግብ ላይ ተጨምሮ የሚታዘዝ እንጂ በምትኩ የሚታዘዝ አይደለም። ስለዚህ ከአሳው ክፍል አውጥተው ከላይ ከሾርባዎቹ ጋር ያድርጉት። በዋጋ ከጥብስ ጋር ከመወዳደር ይወጣል።

አሁን አራት ቀሩ። ኤራን ዳያንና ማያ ባር-ሂሌል እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ሙከራ በአንድ ክፍል መጀመሪያና መጨረሻ ላይ የተቀመጡ ምግቦች መሀል ከተቀመጡት ይልቅ፣ አንዳንዴ እስከ እጥፍ፣ ተመርጠዋል። ጥብስን የሚፈልግ ሰው የትም ቢቀመጥ ያገኘዋል፤ የመጀመሪያውን መስመር ለእሱ መስጠት ብክነት ነው። ቅደም ተከተሉ ጉላሽ፣ ለብለብ፣ ጥብስ፣ ዱለት ይሁን። ጉላሹ ላይ ሳጥን ወይም ኮከብ አይጨምሩ። ከፈለጉ በጠቅላላው ገጽ አንዲት ምልክት ብቻ ለአንድ ምግብ ይስጡ፤ ሁለተኛዋ ስትጨመር የመጀመሪያዋ ትሞታለች።

ከዚህ ምን ይጠበቃል? ያልወሰኑ ደንበኞች ይንቀሳቀሳሉ፤ «እኔ ጥብስ ነው የምፈልገው» ብሎ የመጣው አይንቀሳቀስም። ከ310 ጥብስ አዛዦች 60ዎቹ ወደ ጉላሽ ቢሄዱ በአንድ ሰሐን 65 ብር ይጨምራል፤ በወር 3,900 ብር። ዋጋ ሳይጨምሩ የተገኘ ስለሆነ ጥሩ ነው፤ የቤት ኪራይ ይከፍላል ብሎ ግን ማንም አያታልልዎት። ዱለት ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ በብዛት ከተፈለገ ከሌሎቹ ምግቦች በሚተርፈው ሥጋ ብቻ አይሸፈንም፤ ሙሉ አሳ መክተፍ ከጀመራችሁ 90 ብር የነበረው ወጪ ወደ ላይ ይወጣል፤ የሚቀረው 210 መሆኑም ያበቃል። በየወሩ ወጪውን ደግመው ያስሉት።

ፋይሉን ሲሠሩት ሁለት ነገር በብዛት ይበላሻል። አንደኛው፣ የድሮውን ሰንጠረዥ ቀድተው ሲለጥፉት የማይታየው ሰንጠረዥ አብሮ ይመጣና ዋጋዎቹ እንደገና ይሰለፋሉ። ወርድ ላይ ሰንጠረዡን መርጠው Layout ከሚለው ውስጥ Convert to Text በማድረግ መጀመሪያ ያፍርሱት። ሁለተኛው፣ መግለጫው ሲረዝም ዋጋው ብቻውን ወደሚቀጥለው መስመር ይወድቅና ከግራ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። ሦስት አራት ሲሆኑ ከቀኝ ያጠፉትን የዋጋ ዓምድ በግራ ሠሩት ማለት ነው። ከመግለጫው መጨረሻ ቃልና ከዋጋው መካከል ያለውን ክፍተት በ Ctrl + Shift + Space ሁለት ጊዜ ይጻፉት፤ ያኔ ዋጋው ከመጨረሻው ቃል አይለይም። ከሁሉ የሚሻለው ግን መግለጫው በአንድ መስመር እንዲያልቅ ከ8 ቃል አለማሳለፍ ነው። «ጣፋጭ»፣ «ምርጥ»፣ «ልዩ» የሚሉትን ሲያወጡ ቦታ ይገኛል።

ለውጭ እንግዳ የእንግሊዝኛ፣ ለአካባቢው ሰው የሲዳምኛ ሜኑ ካስፈለገ ለየብቻው ያትሙት። በአንድ ገጽ ሁለት ቋንቋ ሲጻፍ እያንዳንዱ ምግብ በእጥፍ ይረዝማል፤ ከላይ የቆጠርነው 14 ወደ 7 ይወርዳል ወይም ፊደሉ ይደቃል።

ከማተምዎ በፊት አንድ ቅጂ ብቻ አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ያድርጉና ሁለት እርምጃ ርቀው ዓይንዎን ጨፈን በማድረግ ይዩት። ሦስቱ ርእሶች ተለይተው መታየት አለባቸው፤ ከቁጥሮቹ አንዱም ጎልቶ መታየት የለበትም። ከዚያ ቤቱን የማያውቅ ሰው ይስጡትና «የጾም የቱ ጋ ነው?» ብለው ይጠይቁት። ጣቱ ከሁለት ሰከንድ በላይ ከተንከራተተ ከርእሱ በላይ ያለው ክፍተት አንሷል።

ሜኑው ሲወጣ በዚያው ሳምንት ዋጋ አይጨምሩ፤ የትኛው ምን እንደለወጠ መለየት አይችሉም። ከለውጡ በፊትና በኋላ አራት አራት ሳምንት ያወዳድሩ። አንደኛው በዓቢይ ጾም፣ ሌላው ከፋሲካ በኋላ ከወደቀ ብዛቱ ሊነጻጸር አይችልም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ አሳ ሾርባውን ጨምሮ ከአሳ ትእዛዞች ሁሉ ያለውን ድርሻ ብቻ ይመልከቱ። ጉላሽ አሁን 10 በመቶ ነው። ወደ 15 ከወጣ ሜኑው ሠርቷል። በአራት ሳምንት ካልተንቀሳቀሰ ችግሩ ከወረቀቱ ላይ አይደለም፤ ወይ ጉላሹ ራሱ ነው፣ ወይም አስተናጋጆቹ ናቸው።

አስተናጋጆቹን መጀመሪያ ይጠርጥሩ። ከደንበኞችዎ ብዙዎቹ ሜኑውን ሳይከፍቱ «ምን አለ?» ብለው ነው የሚጠይቁት። አስተናጋጁ «አሳ ጥብስ፣ ለብለብ፣ ጉላሽ...» ብሎ ከጀመረ የወረቀቱ ቅደም ተከተል ዋጋ የለውም፤ እሱ የሚለው ነው ሜኑው። በገጹ ላይ ባለው ቅደም ተከተል፣ ከጉላሽ ጀምሮ በዱለት እንዲጨርስ ያስለምዱት። የዕለቱ አሳ ካለቀም ጠዋት በየሜኑው ሽፋን ውስጥ «ዛሬ የለም» የምትል ትንሽ ወረቀት ከምግቡ አጠገብ ይግባ፤ አንድ ሰው ሦስት ጊዜ «አልቋል» ከተባለ አራተኛው ላይ የሚያዘው ያው አሳ ጥብስ ነው።